«ሲያጠና አነጋ» የሚሉት ሙገሳ

ፈተና ሲቃረብ በየቤቱ የሚሰማ ሙገሳ አለ፦ «ልጄ እኮ ሌሊቱን ሲያጠና ነው ያነጋው!» በዩኒቨርሲቲ ዶርም ደግሞ ሴሚስተሩን ሙሉ ያልተገለጠ ሃንድአውት፣ በቡና ሲብስም በጫት፣ በአንድ ሌሊት ይሸመደዳል። ጎበዝ አይተኛም የሚለው እምነት ይህን ሁሉ ያስከብረዋል። እኔ ግን ራስን በራስ ከፈተና መጣል ነው እላለሁ።

ቀን ያጠናነው ነገር መጀመሪያ የሚያዘው ሂፖካምፐስ በሚባለው የአንጎል ክፍል ነው፤ እዚያ ግን ገና አልጸናም። ጥልቅ እንቅልፍ ሲወስደን፣ ይኸውም በብዛት በሌሊቱ የመጀመሪያ አጋማሽ፣ ሂፖካምፐስ የቀኑን ትምህርት ደጋግሞ ያነሳዋል። ትምህርቱም በኮርቴክስ ካለው የቀድሞ እውቀት ጋር እየተሳሰረ ይጸናል። ያነጋ ተማሪ ማታ ያጠናውን ሳያጸና ወደ ፈተና ይገባል።

«ታዲያ ሌሊት ያነበብኩትስ?» የሚል ይኖራል። ማቲው ዎከርና ባልደረቦቹ በ2007 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት ለዚህ መልስ አለው። በጥናቱ ከተሳተፉት ወጣቶች ገሚሶቹ አንድ ሌሊት ሳይተኙ አደሩ፤ ከዚያ ሁሉም ብዙ ሥዕሎች እንዲያዩ ተደረገ። የተፈተኑት ግን ወዲያው አይደለም፤ ሁለት ሌሊት በደንብ ተኝተው ካገገሙ በኋላ ነው። እንዲያም ሆኖ፣ ሳይተኙ ያደሩት ያስታወሱት ከሌሎቹ በ19 በመቶ ገደማ ያነሰ ነበር። በፈተናው ሰዓት ድካም ነበረባቸው እንዳይባል አርፈዋል። ችግሩ ሥዕሎቹን ሲያዩ ነው፤ ያን ጊዜ ሂፖካምፐሳቸው ደክሞ ይሠራ ነበር፣ ያልገባ ነገር ደግሞ በኋላ ቢተኙም አይመጣም። ቡናም ይህን አያድንም፤ ካፌይን የድካሙን ምልክት ይጋርዳል እንጂ የእንቅልፍን ሥራ አይሠራም።

ተማሪው ይህን ለምን አያስተውልም? ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ያው ገጽ ለሦስተኛ ጊዜ ሲነበብ የታወቀ ይመስላል፤ ገጹን ማወቅና መልሱን ከባዶ ማውጣት ግን ለየቅል ናቸው። ደብተሩን ዘግቶ በባዶ ወረቀት ላይ መጻፍ ልዩነቱን ወዲያው ያሳያል። (ሲያጠና ከሚያነጋ ተማሪ ግን ይህን የሚያደርግ ብዙም አይገኝም።)

ምንም ያላነበበ ተማሪ በአንድ ሌሊት ጥቂት ቀመርና ትርጉም ሊይዝ፣ በምርጫ ጥያቄም አንድ ሁለት ነጥብ ሊያገኝ ይችላል፤ አልክድም። አዲስ የፊዚክስ ጥያቄ ሲመጣ ግን ቀመሩን የት እንደሚያስገባው አያውቅም፤ እያሰበ ሳለ ዓይኑ ይከደናል።

ፈተናው ጠዋት 3 ሰዓት ከሆነ፣ ማታ ከ1 እስከ 4 ሰዓት ከባዱን ምዕራፍ ማጥናት፣ ደብተር ዘግቶ ራስን መጠየቅ፣ ከዚያ እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት መተኛት፣ ሲነሱም የሳቱትን ብቻ መመልከት ይሻላል። ወላጆችም ከ4 ሰዓት በኋላ መብራት ሲበራ ከማሞገስ ይልቅ «አጥፋና ተኛ» በሉ።