የብረት በሩና የማባዣ ክፍሉ ቅርጫት

ባለፈው ቅዳሜ ኮልፌ ቀራንዮ ውስጥ አንድ ትምህርት ቤት ወላጆችን ሰብስቦ ነበርና እኔም እንደ ወላጅ ሄድኩ። አጀንዳው አንድ ነው፤ ገንዘብ። ለፈተና ማስቀመጫው ክፍል የብረት በር ሊገጠም፣ ኮሪደሩ ላይ ካሜራ ሊተከል ስለሆነ ወላጅ ያዋጣ ተባለ። ባለፈው ሴሚስተር የስምንተኛ ክፍል የሒሳብ ፈተና ከመሰጠቱ በፊት ማታውኑ በቴሌግራም ሲዞር አድሮ ነበርና ማንም አልተከራከረም። እጄን አውጥቼ፣ «ፈተናውን ማን ነው የጻፈው? የትስ ተባዛ?» ብዬ ጠየቅኩ። ርዕሰ መምህሩ በጨዋነት ፈገግ ብለው፣ «ጋሼ፣ ይሄ እንኳን የውስጥ አሠራር ነው» አሉኝ። ከዚያ ስለ በሩ ውፍረት ማውራት ተጀመረ።

ይህን ዓምድ የምታነቡ ከቁልፍ ጋር ያለኝን የቆየ ጠብ ታውቃላችሁ። እዚህ አገር አንድ ነገር ሲጠፋ መጀመሪያ የሚገዛው ቁልፍ ነው። በየት በኩል እንደ ወጣ የሚጠየቀው ከዚያ በኋላ ነው፤ ከተጠየቀም።

በ2008 የሆነውን አስታውሱ። ግንቦት 22 ቀን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ሊጀመር ሲል የእንግሊዝኛው ፈተና ፌስቡክ ላይ ወጣ፤ ፈተናው በአገር ደረጃ ተሰረዘና ከሳምንታት በኋላ እንደገና ተሰጠ። ሐምሌ ላይ ልጆቹ ሲፈተኑ ማኅበራዊ ሚዲያ ተዘጋ። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ለፈተናው ሲባል ኢንተርኔቱ ራሱ ተዘጋ። የኢንተርኔት መዘጋት የወጣውን ወረቀት ጉዞ ያዘገየው ይሆናል እንጂ እንዴት እንደ ወጣ የሚነግረን ነገር የለም። በ2015 ጥቅምት ተማሪዎቹ ተጭነው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገቡና እዚያ አድረው ተፈተኑ፤ ይህ ቢያንስ ወረቀቱ በየገጠሩ የሚያድርበትን ቤት ቁጥር ቀነሰ። የስምንተኛ ክፍል ሚድ ለመስጠት ግን ልጆቹን ዩኒቨርሲቲ የሚወስድ የለም። የእኛ ሰፈር ፈተና የሚጻፈውም፣ የሚባዛውም፣ የሚያድረውም እዚያው ግቢ ውስጥ ነው። ስለዚህ ወረቀቱን ተከትለን እንሂድ።

መምህሩ ፈተናውን ቤቱ ላፕቶፕ ላይ ይጽፋል። ለዲፓርትመንት ኃላፊው እንዲያይለት በቴሌግራም ይልካል። ኃላፊው ሁለት ጥያቄ ያርምና መልሶ ይልካል። መምህሩ የታረመውን በፍላሽ ይዞ ለጸሐፊዋ ይሰጣል፤ እሷም ኮምፒውተሯ ላይ ገልብጣ ፎርማቱን ታስተካክላለች። ቁጠሩልኝ፤ ገና አንድ ወረቀት ሳይታተም ፈተናው በሁለት ስልክ፣ በአንድ ላፕቶፕ፣ በአንድ ፍላሽና ተማሪ ጭምር የመታወቂያ ደብዳቤ ሊያጽፍ በሚገባበት ቢሮ ኮምፒውተር ላይ አለ። ፍላሽ ላይ የጠፋ ፋይል በላዩ ሌላ ነገር እስካልተጻፈበት ድረስ በቀላል ፕሮግራም ተመልሶ ይነሳል። ቴሌግራም ላይ የተላከው ደግሞ ላኪውም ተቀባዩም እስካላጠፉት እዚያው ነው። የመልሱ ቁልፍ አብሮ በዚያው ፋይል መጨረሻ ገጽ ላይ ከተቀመጠ (ብዙ ጊዜ እዚያ ነው የሚቀመጠው) ሌባው ፈተናውን መሥራት እንኳን አይጠበቅበትም።

መፍትሔው ደግሞ ገንዘብ አይጠይቅም። ኢንተርኔት የማይገባበት አንድ አሮጌ ኮምፒውተር በምክትል ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ይቀመጥ፤ መምህሩ እዚያው ተቀምጦ ይጻፍ፤ ኃላፊውም እዚያው መጥቶ ይይ። መልሱ ለብቻው በእጅ ተጽፎ በፖስታ ይታሸግ። «መምህራን ጊዜ የላቸውም» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። በቴሌግራም የወጣን ፈተና ደግሞ አውጥቶ ለመፈተን ጊዜ ከየት እንደሚመጣ ይነገረኝ።

ከዚያ ማባዣ ክፍል እንገባለን፤ ቅዳሜ ዕለት ማንም ስሙን ያላነሳው ክፍል። እኔ ስብሰባው ሲያልቅ ጎራ አልኩ። ክፍሉን የያዙት አባት በሥራው ያረጁ ናቸው፤ በእስቴንስል ዘመን በእጅ የሚዞር ዱፕሊኬተር ያሽከረከሩ፣ አሁን ሪዞግራፍ የያዙ። ማሽኑን ላላያችሁት፤ ሪዞግራፍ እንደ ፎቶ ኮፒ እያንዳንዱን ገጽ አያነብም። ዋናውን አንድ ጊዜ ያነብና ስስ ማስተር ላይ በሙቀት ይበሳዋል፤ ማስተሩ ከበሮው ላይ ይጠመጠማል፤ ቀለሙ በቀዳዳዎቹ እያለፈ በመቶዎች የሚቆጠር ቅጂ ይወጣል። ለብዙ ቅጂ ርካሽ ስለሆነ ነው ትምህርት ቤቶች የሚወዱት።

«አባቴ፣ ፈተናው ታትሞ ሲያልቅ ማስተሩ የት ይሄዳል?» አልኳቸው።

«የትም አይሄድም ልጄ። እዚያው ከበሮው ላይ ነው የሚያድር። ሌላ ሥራ ሲመጣ ነው ተላጦ እዚህ የሚወድቀው» ብለው ከማሽኑ ጎን ያለውን የማስተር መጣያ ሳጥን ከፈቱልኝ። ውስጡ በጥቁር ቀለም የተጨማደደ ሉህ ተደራርቧል። አንዱን ጫፉን ይዤ ዘረጋሁት፤ የአምስተኛ ክፍል የአካባቢ ሳይንስ፣ ከጥያቄ አንድ እስከ አሥራ አራት፣ ቁልጭ ብሎ ይነበባል። «ማታ ዘግተን ስንሄድ አንዱ ገብቶ ቁልፉን ቢጫን ደግሞ ያተምነውን እንደገና ያትምለታል» አሉና ጨመሩ፤ «ያለ ዋናው፣ ያለ ፍላሽ፣ ያለ ምንም።»

እነሆ እንግዲህ። የብረት በር የሚገጠምለት ክፍል ሌላ፣ ፈተናው የሚያድርበት ከበሮ ሌላ። ብዙዎቹ የሪዞግራፍ ሞዴሎች ለዚሁ ተብሎ የተሠራ የሚስጥር አሠራር አላቸው፤ ሲጫን ማሽኑ የታተመበትን ማስተር ልጦ ይጥልና ባዶ ማስተር ይጠመጥማል። የሌለው ማሽን ላይ ባዶ ነጭ ወረቀት ማስነበብ ያንኑ ሥራ ይሠራል። የሚወጣው ወጪ አንድ ማስተር ነው። ሳጥኑ ውስጥ የወደቀውን ደግሞ አውጥቶ እዚያው ማቃጠል ነው። እኚህ አባት ይህን ለዓመታት እንደሚያውቁት ነገሩኝ። የጠየቃቸው ሰው አልነበረም።

ሁለተኛው የማባዣ ክፍል ጉድ የተበላሸ ወረቀት ነው። ሁለት አብሮ የተሳበ፣ ቀለም የበዛበት፣ ጠርዙ የታጠፈ። ይህ ወደ ቅርጫት ይገባል፤ ከቅርጫቱ ወደ ጽዳት፣ ከጽዳት ደግሞ አንዳንዴ የለውዝና የቆሎ መጠቅለያ ወደምትሠራው እናት። ስለዚህ ቆጠራ ያስፈልጋል፤ ቆጠራው ደግሞ የሕፃን ሒሳብ ነው። አራት ክፍል፣ በየክፍሉ 60 ተማሪ፣ ፈተናው በሁለት ሉህ ፊትና ጀርባ ታትሟል እንበል። 240 ተማሪ በሁለት ሉህ 480፤ ለፈታኞች አራት ቅጂ ሲጨመር 488። ማሽኑ ውስጥ ሲገባ ቆጥረን ያስገባነው አንድ ደስጣ፣ ማለትም 500 ሉህ ከሆነ፣ የተበላሸውና ያልታተመው ተደምሮ 12 መሆን አለበት። ዘጠኝ ብቻ ከተገኘ ሦስት ሉህ ከክፍሉ ወጥቷል፤ ያንን ፈተና በዚያው ምሽት መለወጥ ነው፣ ጠዋት ቴሌግራም እስኪነግረን መጠበቅ አይደለም። ሁለት ሰው ቆጥሮ ይፈርም። አንድ ሰው ቆጥሮ አንድ ሰው የፈረመበት ቆጠራ ዋጋ የለውም።

ይህ ሁሉ ግን መብራት ካለ ነው። ከሰኞው ፈተና በፊት ዓርብ ከሰዓት መብራት ሲጠፋ የሚሆነውን ሁላችንም እናውቃለን፤ ተላላኪው ፍላሽ ይዞ ወደ አስፋልት ይወጣል። ጄኔሬተር ያለው ኮፒ ቤት ፍላሹን ይሰካል፣ ፋይሉ እንዲፈጥን ብሎ ዴስክቶፑ ላይ ይገለብጠዋል፣ አትሞ ይሰጣል፤ ዴስክቶፑ ላይ ያለው እዚያው ይቀራል። ኮፒ ቤቱ ውስጥ ደግሞ ተራ የሚጠብቀው ማነው? የዚያው ትምህርት ቤት ተማሪ፣ አሳይመንት ሊያስጽፍ። ትምህርት ቤቱ አቅም ካለው ገንዘቡን ከበሩ ይልቅ ለአነስተኛ ጄኔሬተር ቢያውል እኔም አዋጣለሁ። ከሌለው ፍላሽ ሳይሆን የታተመ አንድ ዋና ቅጂ ይላክ፤ ኃላፊነት ያለበት መምህር ከማሽኑ አጠገብ ይቁም፤ ዋናውንም የተበላሸውንም ይዞ ይመለስ። እንዲህም ሆኖ አንዳንድ ፎቶ ኮፒ ማሽን ያነበበውን የሚያስቀምጥ ዲስክ በውስጡ አለው፤ ስለዚህ ይህ የቸገረ ዕለት መንገድ ነው።

ስለ ማስቀመጫው ብዙ የምለው የለኝም። በክፍል በክፍል ተቆጥሮ በፖስታ ይታሸግ፣ ክዳኑ መጋጠሚያ ላይ ሁለት ሰው ፈርሞ ማህተም ይምታበት፣ በላዩ ፕላስተር ይለጠፍ፤ ካቢኔቱ ሁለት የተለያየ ቁልፍ ይኑረውና በሁለት ሰው እጅ ይሁን። ፖስታው ክፍል ውስጥ ተማሪ እያየ ይከፈት። ወረቀቱ ካቢኔት ውስጥ የሚያድረው አንድ ሌሊት ከሆነ ተራ የእንጨት በርም ይበቃል፤ ሁለት ሳምንት የሚያድር ከሆነ ግን የብረቱም አይበቃም።

አንድ ጓደኛዬ፣ ጡረታ የወጣ የሒሳብ መምህር፣ ፈተና ወጥቶ ከሆነ እንዴት እንደሚያውቅ ሲነግረኝ ሳቅሁ። አንድ ጊዜ የመልሱን ቁልፍ ሲጽፍ ተሳስቶ አንድ ቀላል ጥያቄ ላይ ትክክለኛው ሐ ሆኖ ሳለ ለ ብሎ ጽፏል። ሲያርም ግን ጎበዞቹ ሁሉ ሐ ብለዋል፤ ለ ያሉት አጠገብ ለአጠገብ ያልተቀመጡ፣ ክፍላቸውም የተለያየ፣ ሌላውን ሁሉ የደፈኑ ልጆች ናቸው። «የእኔን ስህተት የደገመ ልጅ የእኔን ወረቀት ነው ያየው» አለኝ። ከዚያ በኋላ ሆን ብሎ በሁለት ጥያቄ የተሳሳተ ቁልፍ በፋይሉ ላይ እያስቀመጠ ትክክለኛውን ኪሱ ይይዝ ነበር። ይህ ብቻውን ማንንም ጥፋተኛ አያደርግም፤ ሦስት ልጅ በአጋጣሚ ሊሳሳት ይችላል። አሥራ አምስት ልጅ ሲሆን ግን የት መፈለግ እንዳለበት ይነግራል።

ታዲያ እሱው ጓደኛዬ ነው ወሬዬን ያበላሸብኝ። «ይሄን ሁሉ ከመድከምህ በፊት የዘንድሮውን ፈተና ካምናው ጋር አስተያየው» አለኝ። አስተያየሁት። ጎረቤቴ ቤት የታላቂቱ ልጅ ያምና ወረቀት አልጋ ሥር ተቀምጧል፤ የታናሽየው ዘንድሮ ተፈትኖ መጣ። ከአርባው ጥያቄ ቁጥሩ እንኳን ያልተቀየረው ከግማሽ በላይ ነው። ይህን ፈተና ማን ይሰርቃል? ታላቅ እኅት ያለው ሁሉ በእጁ ይዞታል። የጥያቄ ባንክ ማለት አሮጌ ፈተና አይደለም፤ ከአንድ የትምህርት ክፍል አምስት ስድስት ጥያቄ ተዘጋጅቶ በየዓመቱ የተለያየው የሚወጣበት ነው። አንድ መምህር ብቻውን በሰኔ ሊሠራው አይችልም፤ ዲፓርትመንቱ ከመስከረም ጀምሮ በየምዕራፉ ቢያዋጣ ግን ይሞላል።

ደግሞም የጎረቤቴ ባል ሲከፍል የቆየው አስጠኚ ፈተናውን ያወጣው መምህር ራሱ መሆኑን እዚያው ሰማሁ። «እሱን የያዝነውማ ለዚያ ነው» አለኝ፣ ሳያፍር። የሚያስጠናውን ልጅ የሚፈትን መምህር ጥያቄውን አውጥቶ ባይሰጥ እንኳን ማታ ማታ የትኛውን ምዕራፍ እንደሚደጋግም ልጁ ያያል። እንዲህ ያለ መምህር ለዚያ ክፍል ፈተና እንዳያወጣ ለወተመህ ሐሳብ አቀርባለሁ፤ አስጠኚዎቹ እንደሚቆጡ፣ ደመወዙ ስለማያኖራቸው ነው የሚያስጠኑት ብለው እንደሚመልሱልኝም አውቃለሁ። ስለ ደመወዙ እውነታቸውን ነው። ስለ ፈተናው ግን ክርክሩን በሚቀጥለው ስብሰባ ይዤ እገባለሁ።