«እሺ» ሁሉ ገብቶኛል ማለት አይደለም

መምህራን ጓደኞቼ፣ ሰሞኑን ወላጅ እያነጋገርን ስለሆነ አንድ ነገር ልበል። አፉን በኦሮምኛ የፈታ አባት በአማርኛ ስታወሩት «እሺ፣ እሺ» ካላችሁ ቶሎ አትመኑ። እሺታው ለእናንተ ያለው አክብሮት ብቻ ሊሆን ይችላል። መለያው ቀላል ነው፤ በእሺ የማይመለስ ጥያቄ ጠይቁ።

የአንድ 9ኛ ክፍል ተማሪ አባትን «ልጁ በሳምንት ስንት ቀን ቤት ይውላል?» አልኳቸው። «እሺ መምህር» አሉኝ። በተሰባበረችው ኦሮምኛዬ «ጉያ ሜቃ?» ስላቸው ፊታቸው ፈታ አለ። «ላማ!» ሁለት ቀን ማለታቸው ነው። ለካ እሳቸው ገበያ ሲወጡ ከብት የሚጠብቅ ሌላ ሰው የለም። እኛ «ሰነፍ» ብለን መዝግበነዋል!

ቋንቋ ስትቀይሩ ታዲያ ካቆማችሁበት አትቀጥሉ። ያለፈው አስር ደቂቃ እንዳልተወራ ቁጠሩትና ከሀ ጀምሩ። የእኔ ኦሮምኛ ቀን ከመቁጠር አያልፍም፣ ስለዚህ የሚችል መምህር ጠራሁ። ልጁን ራሱን አስተርጓሚ ማድረግ (ብዙ ቦታ የማየው ነገር ነው) ግን ጉድ ነው። ክሱ የሱ፣ ትርጉሙም የሱ! «ሰባት ቀን ቀርቷል» ያላችሁት «ጎበዝ ነው ይሉሃል» ሆኖ ቢደርስ በምን ታውቃላችሁ?

ደግሞ ሳትጠይቁ አትቀይሩ። «አማርኛ አትችልም» የተባለ መስሎት የሚከፋው አለ። «አባባ፣ በየትኛው ይቀልዎታል?» በሉ፣ መልሱንም ጠብቁ።