«አንተ ጻፈው፣ እኔ እፈርማለሁ» ይቅርብን

ተመርቆ ቢቸና ወይም ሞጣ ቤተሰቡ ዘንድ የተቀመጠ ልጅ የውጭ ስኮላርሺፕ ሲያመለክት ለመምህሩ የሚልከው መልእክት ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፦ «ሰላም ዶክተር፣ ሪኮመንዴሽን ፈልጌ ነበር፤ ዴድላይኑ ነገ ነው።» መምህሩም ጊዜ ስለሌለው «አንተ ጻፈው፣ እኔ እፈርማለሁ» ይላል። እኔም አስተማሪ ነኝ፤ ይሄ ልማድ የሚጎዳው ልጁን ነው።

ምክንያቱም ተማሪው ከክፍል ጓደኞቹ ጋር ሲነጻጸር የት እንደሚቆም የሚያውቀው መምህሩ ብቻ ነው። ሁለት መምህራን የፈረሙበት ደብዳቤ አጻጻፉ አንድ ዓይነት ከሆነ ደግሞ አንባቢው ይነቃል። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎችም ደብዳቤውን ከአመልካቹ አይቀበሉም፤ ሊንኩን የሚልኩት በቀጥታ ለመምህሩ ኢሜይል ነው።

እንበልና ሞጣ ያለች የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የዕፅዋት ሳይንስ ምሩቅ የማመልከቻዋ ቀነ ገደብ ጃንዋሪ 15 ነው። በእኛ ጥር 7 መሆኑ ነው፤ ገና ካለፈ ሳምንት ገደማ። ስለዚህ ኅዳር መጨረሻ ላይ፣ ስድስት ሳምንት ሲቀራት ትጠይቅ። መጀመሪያ የምትልከው አጭር ጥያቄ ይሁን፦

«እንደምን አሉ ዶክተር? በ2015 ዓ.ም. የአፈር ለምነትን ያስተማሩኝ፣ የመመረቂያ ጽሑፌንም ያማከሩኝ ተማሪዎ ነኝ። ለማስተርስ እያመለከትኩ ነው። ጠንከር ያለ የድጋፍ ደብዳቤ ሊጽፉልኝ ይችላሉ? ካልተመቸዎት እረዳለሁ።»

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ትልቅ ሥራ ትሠራለች። ልብ የሌለው ደብዳቤ ከሚጻፍልሽ «አልችልም» መባል ይሻላል፤ ሌላ መምህር ለመጠየቅ ጊዜ አለሽና።

እሺ ካለ በኋላ ነው ማስረጃው የሚላከው፦ ትራንስክሪፕት፣ ሲቪ፣ የማመልከቻ ድርሰት፣ የፕሮግራሙ ስምና ቀነ ገደቡ። ስምሽ በፓስፖርትሽ ላይ እንደተጻፈው ይሁን። ከሁሉ በላይ ግን አንድ ገጽ ማስታወሻ ጨምሪ። «ታታሪ ነኝ» አይባልበትም፤ የሆነው ይጻፍበት። «ከጤፍ ማሳ ናሙና ስወስድ ያገኘሁት ውጤት ከጠበቅነው ስለተለየ መለኪያውን ደገምኩት፤ እርስዎም ሰንጠረዡን አይተው አርመውኛል» ብትዪ መምህሩ ያስታውስሻል። የራሱን ፍርድ የሚጽፈው ከዚያ ተነስቶ ነው።

ኢሜይሉን ፎርሙ ላይ ከመሙላትሽ በፊት የትኛውን እንደሚጠቀም ጠይቂው። ሊንኩ ካልደረሰው ስፓም ውስጥ ይፈልግ። ታኅሣሥ 20 ላይ፣ ለገና ወደ አገር ቤት ሳይሄድ፣ አንዴ አስታውሺው። ቴሌግራም ብቻ አትመኚ፤ በሐምሌ 2015 መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ የሆነውን እናውቃለን። ስልክ ቁጥሩን ያዢ፤ መደወል ነውር አይደለም።

መምህራንም ብንሆን መጻፍ ካልቻልን «አልችልም» እንበል። ፊርማችንን ብቻ ማዋስ ውለታ አይደለም።