አሥር ቀንና ሁለት ቀን፦ የኢንፍሉዌንዛ ቅኝት መለኪያ ለሕክምና ለምን አይበቃም?

በአገራችን የኢንፍሉዌንዛ ቅኝት በተመረጡ ጤና ተቋማት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2008 ሲሆን፣ ሥራውን የሚመራው የዛሬው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለዚህ ዓይነቱ ቅኝት ባወጣው ትርጓሜ መሠረት ናሙና የሚወሰደው 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ትኩሳትና ሳል ካለበት፣ ሕመሙም ከጀመረ አሥር ቀን ካላለፈው ሰው ነው። መለኪያው በሽታውን ለመቁጠር የተሠራ በመሆኑ ለዓላማው ተገቢ ነው። ሕመምተኛን ለማከም ሲውል ግን አሳሳች ይሆናል፤ ምክንያቱም የመድኃኒቱ ጊዜ በአሥር ቀን ሳይሆን በሁለት ቀን ይለካል።

የዚህ ምክንያት ያለው በመድኃኒቱ አሠራር ውስጥ ነው። የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ወደ መተንፈሻ አካል ሕዋስ የሚገባው ሄማግሉቲኒን በተባለው ፕሮቲኑ አማካይነት፣ በሕዋሱ ገጽ ላይ ካለው ሲያሊክ አሲድ ጋር ተጣብቆ ነው። ከተባዛ በኋላ ሊወጣ ሲልም ያው ሲያሊክ አሲድ መልሶ ይይዘዋል። ይህን ማሰሪያ የሚቆርጥለት ኒውራሚኒዴዝ የተባለው ኢንዛይም ነው። ኦሰልታሚቪር በጉበት ውስጥ ወደ ንቁ መልኩ ከተለወጠ በኋላ የኢንዛይሙን መቁረጫ ሥፍራ ይይዛል፤ አዲሶቹም ቫይረሶች ከተወለዱበት ሕዋስ ገጽ ሳይላቀቁ ይቀራሉ። እንግዲህ መድኃኒቱ የሚያግደው ሥርጭትን ነው። አስቀድሞ የተጠቃውን ሕዋስ አያድንም፤ ሰውነት የጀመረውንም ብግነት አያጠፋም።

በፈቃደኞች ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ የቫይረሱ መጠን ከፍተኛ ደረጃ ላይ የሚደርሰው ሰውየው በተያዘ በሁለተኛው ቀን ገደማ ነው። ይህም ሕመሙ ከሚሰማበት ጊዜ ጋር እጅግ ይቀራረባል። ስለዚህ 48 ሰዓት እንደ አጥር ሳይሆን እንደ ቁልቁለት መታየት አለበት። በ2003 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት ሕክምናውን በመጀመሪያዎቹ 12 ሰዓታት የጀመሩ ሰዎች በ48ኛው ሰዓት ከጀመሩት ይልቅ ሕመማቸው በሦስት ቀን ያህል እንዳጠረ አመልክቷል። ጥናቱ የንጽጽር ቡድን በዕጣ የተመደበበት ስላልነበረ ቁጥሩ በጥንቃቄ ሊነበብ ይገባል፤ በዕጣ በተመደቡት ሙከራዎች፣ አስቀድሞ ጤነኛ በነበረ አዋቂ ላይ የሚገኘው ጥቅም ከአንድ ቀን ያነሰ ነው። አቅጣጫው ግን ግልጽ ነው።

አሁን ይህን ሰዓት ወደ መርካቶ፣ ወደ ዱባይ ተራ እንውሰደው። አንድ ነጋዴ ሰኞ ከቀኑ 8 ሰዓት በሱቁ ውስጥ ሳለ ድንገት ብርድ ብርድ አለው፤ ራሱንና ወገቡን ቆረጠመው እንበል። ማታ ዝንጅብል በሻይ ጠጣ፤ ማስታገሻም ዋጠ። ማክሰኞ ዕቃ ስለሚረከብ ሱቁን ከፈተ። ረቡዕ የተረፈውን አሞክሲሲሊን ጀመረ፤ ይህ መድኃኒት ባክቴሪያን እንጂ ቫይረስን አይነካም። ሐሙስ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጤና ጣቢያ ደረሰ። ካርዱ ላይ «የሦስት ቀን ትኩሳትና ሳል» ተብሎ ተጻፈ። በቅኝቱ መለኪያ ሰውየው ፍጹም ብቁ ነው፤ ነገር ግን ሕመሙ ከጀመረ 67 ሰዓት አልፏል። ሌላ ሕመም የሌለበት ከሆነ ኦሰልታሚቪር በዚህ ሰዓት የሚጨምርለት ነገር እጅግ ጥቂት ነው፤ ማቅለሽለሽና ማስመለስ ግን ሊያተርፍለት ይችላል።

በዚያው ሱቅ የምትሠራ ነፍሰ ጡር ብትታመም፣ ወይም አስም ያለበት ተሸካሚ ትንፋሽ ቢያጥረው ፍርዱ ይለወጣል። ለጽኑ ሕመም የተጋለጠ ወይም ሆስፒታል የሚተኛ ሰው 48 ሰዓት አልፎታል ተብሎ መድኃኒቱ አይከለከልም፤ በእነዚህ ሰዎች ላይ ቫይረሱ ረዘም ላለ ጊዜ ሊባዛ ይችላልና። ለአዋቂ የተለመደው መጠን 75 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ ለአምስት ቀን ሲሆን፣ ኩላሊቱ ለደከመ ሰው ይቀነሳል።

እንደ እኔ እምነት፣ በሕመምተኛው ካርድ ላይ «ስንት ቀን ሆነህ?» የሚለው ጥያቄ «በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት ጀመረህ?» በሚለው መተካት አለበት። ፈጣን የአንቲጅን ምርመራ ብዙ ሕመምተኞችን ስለሚስት፣ የላቦራቶሪ ውጤትም ሰዓቱን ስለሚበላ፣ ለተጋለጡ ሰዎች ሕክምናው ውጤት ሳይጠበቅ መጀመር ይገባዋል። ትኩሳት ሁሉ ኢንፍሉዌንዛ አለመሆኑ እውነት ነው። ቅኝቱ ለሐኪሙ የሚጠቅመውም እዚህ ላይ ነው፤ ቫይረሱ በከተማው ውስጥ በሚዘዋወርበት ሳምንት ግምቱ ይጠነክራል፣ በማይዘዋወርበት ሳምንት ይላላል። ቅኝቱ በሽታው መኖሩን ይነግረናል፤ መድኃኒቱ ይጠቅም እንደሆነ የሚነግረን ግን ሕመምተኛው ብርድ ብርድ ያለበት ሰዓት ነው።