ቱፎርዲ ለጠየቀ ገበሬ ምን ይጨመርለታል?

በኦጎልቾ የገበያ ቀን ነው። ስሙን መጥራት በማልፈልገው አንድ የግብርና መድኃኒት መሸጫ ውስጥ፣ በር አጠገብ ካለች አግዳሚ ላይ ተቀምጫለሁ። ሃምሳውን ያለፉ አንድ ገበሬ ገቡና «ልጄ፣ ለግማሽ ሄክታር ስንዴ የሚሆን ቱፎርዲ ስጠኝ» አሉ። ሻጩ ቱፎርዲውን አወረደ። ከዚያ አላቆመም፦ ፓላስ አስከተለ፣ የዋግ መድኃኒት አስከተለ፣ የቅጠል ማዳበሪያ አስከተለ፣ በመጨረሻም የተባይ መድኃኒት ደረደረ። «ይህን ካልረጩ ስንዴዎን ይርሱት!» አላቸው። ሰውየው አምስቱን ጠርሙስ ተራ በተራ አዩ፣ ዋጋ ጠየቁ፣ ትንሽ ተከራከሩ፣ «እመለሳለሁ» ብለው ወጡ። የመጡበትን ቱፎርዲ እንኳ አልያዙም።

ልጁ ወደኔ ዞሮ «መከራከር ብቻ ነው የሚያውቁት» አለኝ። እኔ ደግሞ ይህን የምጽፈው እሱ እንዲህ በማለቱ ነው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ዕቃ ስላየ ወይም በዋጋ ስለተደራደረ ብቻ ማንም ሸማች እንዲገዛ አይገደድም ይላል። ስለዚህ ሰውየው ምንም አላጠፉም። ያጠፋው አንድ ጥያቄ እንኳ ሳይጠይቅ አራት ጠርሙስ የደረደረው ነው። ባለቤቱም ከጥፋቱ አያመልጥም፣ ልጁን የሚያበረታታው በሸጠው ጠርሙስ ቁጥር ነውና።

አንዳንድ ወዳጆቼ ከዚህ ተነስተው «እንግዲያው ሻጭ የተጠየቀውን ሰጥቶ ዝም ይበል፣ ጨዋነት ይኸው ነው» ይላሉ። በዚህም አልስማማም። ያን ቀን ልጁ ዝም ብሎ ቱፎርዲውን ቢሸጥላቸው ኖሮ ምናልባት ከደረደራቸው ጠርሙሶች ሁሉ የባሰ ይጎዳቸው ነበር። ምክንያቱን ላስረዳ።

ቱፎርዲ የሚገድለው ቅጠለ ሰፊውን አረም ብቻ ነው። ሳር መሳዩን ሲናርን አይነካውም። ስንዴ ለሚዘራ የአርሲ ገበሬ ደግሞ ሲናር የማያውቀው ጠላት አይደለም። ማሳው ሲናር ካለበት ገበሬው ገንዘቡን ከፍሎ፣ ቀኑን አጥፍቶ፣ ውሃ ተሸክሞ ይረጫል፤ ሰፊው ቅጠል ይሞታል፣ ሲናሩ በተገኘው ሰፊ ቦታ እንደልቡ ያድጋል። ሳር መሳዩንም ቅጠለ ሰፊውንም የሚይዘው ፓላስ ነው፤ ዋጋው ግን ከፍ ይላል። ስለዚህ ወደ ውዱ ዕቃ ማሳለፍ እዚህ ላይ ልክ የሚሆነውና የማይሆነው በአንድ ጥያቄ ነው፦ «ጋሼ፣ ማሳዎ ውስጥ ሲናር አለ?»

ጥያቄው የሚጠየቀው ጠርሙሱ ከመደርደሪያ ሳይወርድ ነው። ከወረደ በኋላ ሲጠየቅ ገበሬው «ሊያስለውጠኝ ነው» ብሎ ይጠረጥራል፣ ቢጠረጥርም አይፈረድበትም። «አዎ፣ ሞልቶታል» ካሉ የሚባለው አጭር ነው፦ «ቱፎርዲ ሲናሩን አይነካልዎትም። ፓላስ ሁለቱንም ይይዛል፤ ዋጋው ግን ይህን ያህል ነው። ሲናሩ ዳር ዳሩን ብቻ ከሆነ በእጅ ይነቅሉትና ይኸው ይበቃዎታል።» ከዚያ በኋላ ዝም። ገበሬው ያስላ። ዋጋው አብሮ መነገሩ፣ ሳይገዙ የሚወጡበት በርም አብሮ መከፈቱ ነው ቃሉን የሚያሳምነው። «ጎረቤትዎ ይህን ነው የወሰደው»፣ «ነገ ያልቃል»፣ «ያ የድሃ መድኃኒት ነው» የሚሉት ግን አንድ ጊዜ ያሸጡ ይሆናል፣ በሚቀጥለው የገበያ ቀን ግን ሰውየው ማዶ ካለው ሱቅ ነው የሚገዙት።

ኦጎልቾ ላይ ሁለተኛ ጥያቄም አለ፦ «አጠገብዎ ቲማቲም የተከለ አለ?» ወደ ዝዋይ ሐይቅ በኩል በመስኖ አትክልት ይለማል። ቱፎርዲ በነፋስ ተወስዶ ቲማቲም ላይ ካረፈ ቅጠሉን ያጣምመዋል፣ ያጨማድደዋል። በደንብ ሳይታጠብ በቀረ መርጫ ቲማቲም ቢረጭም ውጤቱ ያው ነው። ይህን ጥያቄ ያልጠየቀ ሻጭ ሁለት ጎረቤታሞችን ሽማግሌ ፊት ያቆማል።

አብሮ የሚሸጠውስ? ልጁ ከደረደራቸው ውስጥ አንዱም አልነበረም። ሂሳቡን አብረን እንይ። ፓላስ በሄክታር ግማሽ ሊትር ገደማ ነው፤ ለግማሽ ሄክታር 250 ሚሊ ሊትር። ውሃው በሄክታር 200 ሊትር ቢያዝ፣ ለግማሹ 100 ሊትር ይሆናል። በ20 ሊትር መርጫ አምስት ሙሌት ነው፤ በእያንዳንዱ ሙሌት 50 ሚሊ ሊትር መግባት አለበት። አሁን ልጠይቅ፦ ገበሬው ያችን 50 በምን ይለካታል? በጠርሙስ ክዳን! ክዳኑ ደግሞ ከጠርሙስ ጠርሙስ ይለያያል። ቢያንስ አረሙ ደንዝዞ ይነሳል፣ ቢበዛ ስንዴው ራሱ ይቀጭጫል። ስለዚህ የመጀመሪያው ተጨማሪ ሽያጭ መስመር ያለው የፕላስቲክ መለኪያ ነው፤ ሁለተኛው ጓንት። ሁለቱም ርካሽ ናቸው፣ ትርፋቸውም ትንሽ ነው፣ ለዚህ ይመስለኛል ከጀርባ መደርደሪያ አቧራ ለብሰው የሚቀመጡት። የሚቀርቡት ሂሳቡ ሳይደመር ነው፦ «ለአንድ ሙሌት 50 ነው የሚገባው፤ ቤት መለኪያ አለዎት?» «አለኝ» ካሉ ነገሩ አለቀ። ከከፈሉ በኋላ ምንም አይሸጥም፤ የሚነገረው አጠቃቀሙ ብቻ ነው፣ እሱም ውጭ የሚጠብቃቸው ጋሪ ወይም ባጃጅ ከሌለ።

የዋግ መድኃኒቱ ነገር የባሰ ነው። አረም የሚረጨው ስንዴው ከተዘራ አንድ ወር ገደማ ሲሞላው ነው። ያኔ ዋግ ገና ላይኖር ይችላል። በዚያ ቀን ቲልት ወይም ሬክስ ዱኦ ማሸከም ማለት ገንዘባቸውን ለወራት ማሰር፣ መርዙንም ልጆች ከሚውሉበት ቤት ማስቀመጥ ነው። በ2002/03 ዓ.ም. ቢጫ ዋግ ኩብሳንና ገላማን ሲያጠቃ ያየ ሰው ፍርሃቱን አይረሳም፤ በዚያ ፍርሃት ላይ መነገድ ግን ነውር ነው። ትክክለኛው መንገድ ቀላል ነው። ሻጩ «ዘርዎ ምንድን ነው?» ይበል። ከቁሉምሳ የምርምር ማዕከል ወጥቶ የከተማችንን ስም የያዘ ስንዴ እንኳ አለ፤ ዝርያዎች ዋግን የሚቋቋሙበት አቅም አንድ አይደለም። ስልካቸውን ፈቅደው ከሰጡ ይመዝገብ። ከአራት ሳምንት በኋላ ይደወል፦ «ጋሼ፣ ቅጠሉን በጣትዎ ሲያሹት ቢጫ ዱቄት ይይዛል? በመስመር በመስመር ነው?» አዎ ካሉ ያኔ መድኃኒቱ ይቅረብ። አይ ካሉ «ደህና ይሁኑ፣ በየጊዜው እያዩ» ተብሎ ይዘጋ።

ይህን ለሱቁ ባለቤት ነገርኩት። «ስልክ እየደወልኩ አልሸጥ ስል ማን ይከፍለኛል?» አለኝ። እኔም የዚያን ቀን ሳይሸጥ የቀረውን ቱፎርዲ አሳየሁት፤ ባንኮኒው ላይ ነበር፣ ከሌሎቹ አራት ጠርሙሶች ጋር።