የመዋጮ ፖል ላይ ስም አይውጣ



ረመዳን በቀረበ ቁጥር በግሩፖቻችን ውስጥ የፖል ብዛት ይጨምራል። ደርሱ ከዐስር በኋላ ይሁን ወይስ ከመግሪብ በኋላ? የጋራ ኢፍጣሩ ሐሙስ ይሁን ወይስ ቅዳሜ? ከእነዚህ ሁሉ መሐል ግን አንዱ ከሌሎቹ ይለያል፤ «ለኢፍጣር ስንት ማዋጣት ትችላላችሁ?» የሚለው። ይህ ጥያቄ የሰው ኪስ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ፖሉ እንዴት እንደሚከፈት፣ ድምፁ እንዴት እንደሚቆጠርና ማን ምን እንደመረጠ ማን እንደሚያይ አስቀድመን ልንነጋገርበት ይገባል እንላለን። አቋማችንን ከወዲሁ እንናገር፦ የመዋጮ ፖል ስም የማይታይበት መሆን አለበት፤ ውጤቱም እንደ ምርጫ አሸናፊና ተሸናፊ ሊወጣለት አይገባም።

መጀመሪያ ማን ምን ያያል የሚለውን እንመልከት። አብዛኞቻችን የምንጠቀመው ቴሌግራም ስለሆነ በእሱ እንጀምር። በግሩፕ ውስጥ ፋይል የምናያይዝበትን ምልክት ነክተን `Poll` የሚለውን ስንመርጥ ጥያቄውንና አማራጮቹን የምንጽፍበት ገጽ ይመጣል። ከሥሩ ማስተካከያዎች አሉ፤ ዋነኞቹ `Anonymous Voting` እና `Multiple Answers` ናቸው። ቃሉ እንደ አፑ ስሪት ትንሽ ሊለያይ ይችላል፤ ሥራው ግን ያው ነው። የመጀመሪያው ሲበራ ማን ምን እንደመረጠ ለማንም አይታይም። ፖሉን የከፈተው ሰውም ሆነ የግሩፑ አድሚን የሚያዩት ቁጥሩን ብቻ ነው። ሲጠፋ ግን ድምፅ የሰጠ ማንኛውም አባል `View Results` ብሎ ከእያንዳንዱ አማራጭ ሥር የመራጮቹን ስም ከነፎቶአቸው ዝርዝር ያገኛል።

ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። «ስሜን የሚያየው አሚሩ ብቻ ነው» የሚሉ አሉ። እንደዚያ የሚባል መሐል መንገድ የለም፤ ወይ ለሁሉም ይታያል፣ ወይ ለማንም አይታይም። ድምፅ ከመስጠታችሁ በፊት ለማወቅ ደግሞ ከጥያቄው ሥር ያለችውን ትንሽ ጽሑፍ ተመልከቱ። `Anonymous Poll` ካለ ስማችሁ አይወጣም። `Anonymous` የሚለው ቃል ከሌለ ስማችሁ እንደሚወጣ ቁጠሩት። የዋትስአፕ ግሩፕ ላይ ደግሞ የተለመደው ፖል ስም የሚያሳይ ነው፤ `View votes` የሚለውን የነካ አባል ሁሉ ማን ምን እንደመረጠ ያነባል። ስለዚህ የገንዘብ ጥያቄ በዚያ ባይወጣ እንመርጣለን።

ስም መታየቱ ምን ያበላሻል? አንድ ምሳሌ በቁጥር እንሥራ። ምሳሌው የእኛ ፈጠራ ነው፤ የየትኛውም ግሩፕ ውጤት አይደለም። 240 አባላት ያሉት ግሩፕ ለረመዳኑ የጋራ ኢፍጣር መዋጮ ሊሰበስብ ነው እንበል። አማራጮቹ አራት ናቸው፦ 300 ብር፣ 200 ብር፣ 100 ብር እና «በዚህ ወር አልችልም»። 80 ሰው ድምፅ ይሰጣል። ፖሉ ስም የሚያሳይ ከሆነ 52ቱ 300 ብር፣ 20ው 200 ብር፣ 6ቱ 100 ብር፣ 2ቱ «አልችልም» ይላሉ እንበል። አስተባባሪው ይደምርና 20,200 ብር አለን ብሎ ቴምሩን፣ ሾርባውንና ሳምቡሳውን በዚያ ልክ ያዝዛል።

እነዚሁ 80 ሰዎች ስም በማይታይበት ፖል ቢጠየቁ ግን ትክክለኛው አቅማቸው 24ቱ 300፣ 28ቱ 200፣ 20ው 100 ብር፣ 8ቱ ደግሞ ምንም እንደማይችሉ ነው እንበል። ድምሩ 14,800 ብር ይሆናል። በሁለቱ መሐል 5,400 ብር ልዩነት አለ። ይህን ልዩነት የፈጠረው ውሸታምነት ሳይሆን ሐያእ ነው። ከቤተሰቧ ብር የማይላክላት እህት የዶርም ጓደኞቿ ስሟን «አልችልም» ከሚለው ሥር እንዲያነቡት አትፈልግም። ስለዚህ ወይ ጨምራ ትመርጣለች፣ ወይ ፖሉን አይታ ዝም ብላ ታልፋለች። መጀመሪያ የሚጎዳው የእሷ ክብር ነው፤ ቀጥሎ በጀቱ። ጉድለቱ የሚታወቀውም ዕቃው ታዝዞ ካለቀ በኋላ፣ ብር የሚሰበሰብበት ቀን ሲደርስ ነው። የወንድምንና የእህትን ገመና መሸፈን ግዴታችን ከሆነ፣ አንዲት ማብሪያ ነክተን ልንሸፍነው የምንችለውን ነገር ክፍት የምንተውበት ምክንያት የለም።

ሁለተኛው ነጥብ አቆጣጠሩ ነው። ስም የማይታይበትን ውጤት እንደገና እንየው። ስክሪኑ ላይ 300 ብር 30 በመቶ፣ 200 ብር 35 በመቶ፣ 100 ብር 25 በመቶ፣ «አልችልም» 10 በመቶ ብሎ ይወጣል። ብዙ ጊዜ የሚደረገው ምንድን ነው? «200 ብር አሸንፏል፤ ስለዚህ ሁላችንም 200 እንክፈል» ይባላል። ነገር ግን 200ን የመረጡት 28 ሰዎች ናቸው፤ 200 መክፈል የማይችሉት ደግሞ 20 ሲደመር 8፣ እነሱም 28 ናቸው። ያሸነፈው ቁጥርና ከበር ውጭ የሚቀረው ሰው ቁጥር እኩል ነው ማለት ነው። ገንዘቡም ቢሆን አይጨምርም፤ 200 መክፈል የሚችሉት 52 ሰዎች ሲከፍሉ 10,400 ብር ይሰበሰባል። ሁሉም በመረጠው ልክ ቢከፍል ኖሮ 14,800 ይሆን ነበር። አንድ ወጥ ክፍያ በመወሰናችን 28 ሰው አሸማቅቀን 4,400 ብር አጥተናል። የመዋጮ ፖል የሚደመር እንጂ የሚያሸንፍ ነገር የለውም የምንለው ለዚህ ነው።

`Multiple Answers` ሲበራ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይደናገራል። 300 መክፈል የሚችል ሰው 200ንም 100ንም መክፈል ስለሚችል ሦስቱንም ይነካል። እንግዲህ 100 ብር የሚለው 72 ሰው አግኝቶ 90 በመቶ፣ 200 የሚለው 52 ሰው አግኝቶ 65 በመቶ፣ 300 የሚለው 24 ሰው አግኝቶ 30 በመቶ ይሆናል። «አልችልም» 10 በመቶ እንደሆነ ይቀራል። ሲደመር 195 በመቶ ነው። ይህ የአፑ ስህተት አይደለም፤ ቴሌግራም በመቶኛውን የሚያሰላው ከጠቅላላው ጠቅታ ሳይሆን ድምፅ ከሰጠው ሰው ብዛት ነው። ሰዎቹ ያው 80 ናቸው፣ ኪሳቸውም ያው ነው፤ ነገር ግን በአንደኛው ፖል 200 ብር፣ በሌላው 100 ብር «አሸናፊ» ሆኖ ወጣ። ብዙ መልስ መፍቀድ ደርሱ በየትኛው ቀን ይሁን ለሚለው ጥያቄ ይጠቅማል፤ የሚመቸውን ቀን ሁሉ የሚነካ ሰው ነው የምንፈልገው። ለመዋጮ ግን ይጥፋ።

ሦስተኛው ነጥብ የማን ድምፅ ተቆጠረ የሚለው ነው። የቴሌግራም ፖል ወደ ሌላ ግሩፕ ፎርዋርድ ሲደረግ አዲስ ፖል አይሆንም። ያው ፖል ነው፤ እዚያ የተሰጠው ድምፅም እዚህ ይደመራል። አንድ ወንድም በቅንነት ለባቹ ግሩፕ ቢልከው፣ ከጀመዓው ውጭ ያሉ 15 ሰዎች «300» ቢሉ ቁጥሩ ውስጥ ይገባሉ፤ ስም ስለማይታይም ለይተን ማውጣት አንችልም። ሁለት ስልክ ቁጥር ያለው ሰውም ሁለት ድምፅ አለው። ለፎርዋርዱ መፍትሔው ከመክፈታችን በፊት የግሩፑ ባለቤት በግሩፑ ማስተካከያ ውስጥ `Restrict Saving Content` የሚለውን እንዲያበራ ነው፤ ያን ጊዜ ከግሩፑ መልእክት ወደ ውጭ ፎርዋርድ አይደረግም። ለሁለት ስልኩ ግን ከአማና በቀር መቆለፊያ የለውም።

እዚህ ላይ አንዳንድ ወንድሞች «ስም ካልታየ ማን ቃሉን እንደሚያከብር እንዴት እናውቃለን?» ይሉናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሳችን ግን ፖል ቃል ኪዳን አይደለም የሚል ነው። ስም በሚታይበት ፖልም ሰው `Retract Vote` ብሎ ድምፁን ማንሳት ይችላል። ፖሉ የሚነግረን ግምት ነው። ገንዘቡን የሚያረጋግጠው ገንዘብ ያዡ ዘንድ የገባው ብር ብቻ ነው። ስም የሚያስፈልግበት ቦታም አለ፤ «ሐሙስ ኢፍጣር ላይ ማን ይገኛል?» የሚለው ፖል ስም ቢያሳይ መልካም ነው። ሳህን የሚቆጥረው፣ ለነን-ካፌ ተማሪ የሚያስቀምጠው ሰው ማን እንደሚመጣ ማወቅ አለበት፤ መምጣትም ማንንም አያሳፍርም።

ስም አለመታየት ፍጹም መጋረጃ እንዳልሆነም እናስታውስ። ስድስት ሰው ባለበት የኮሚቴ ግሩፕ ውስጥ አንዱ «አሁን መረጥኩ» ብሎ ሲጽፍ የትኛው ቁጥር እንደጨመረ ያየ ሰው ያውቅበታል። እንዲህ ባለ ትንሽ ግሩፕ ፖል ከመክፈት ይልቅ እህቶች ለአንዲት ታማኝ እህት፣ ወንድሞችም ለአንድ ታማኝ ወንድም በግል ቢነግሩ ይሻላል።

ስለዚህ ለዘንድሮው የኢፍጣር ኮሚቴ የምናቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። የመዋጮው ፖል `Anonymous Voting` በርቶ፣ `Multiple Answers` ጠፍቶ ይከፈት። «በዚህ ወር አልችልም» የሚለው አማራጭ አይቅር። ከሦስት ቀን በኋላ በ`Stop Poll` ይዘጋና ቁጥሩ ተባዝቶ ተደምሮ ይገለጽ፤ ማንም ወጥ ክፍያ አይጫንበት። ድምፅ ያልሰጡት 160 አባላትም «ተስማምተዋል» ተብለው አይቆጠሩ፤ ዝምታቸው ብር አይደለምና በጀት ውስጥ አይግባ። ከዚያ በኋላ ስም የሚታይበት የመገኘት ፖል ለብቻው ይውጣ። በእሱ ላይ የከፈለውም ያልከፈለውም ስሙን በአንድ ዝርዝር ውስጥ ያስገባል፤ ማዕዱ ላይም ማን ከየትኛው አማራጭ ሥር እንደነበረ የሚያውቅ አይኖርም።

አላህ ከምናዋጣውም ከምንበላውም በረካ ያድርግልን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።