ሌሊቱን አጥንቶ የሚያድረውን ልጅ አስተኙት

እዚህ ጫግኒ የ12ኛ ክፍል ፈተና ሲቃረብ፣ ቡና እየጠጣ አጥንቶ የሚያነጋውን ልጅ "ጎበዝ" እንለዋለን። እኔ አስተኙት ባይ ነኝ።

ሄንሪ ሞላይሰን የተባለ አሜሪካዊ ነበር። በ1953 እ.ኤ.አ. ከሚጥል በሽታ ሊያድኑት ሐኪሞች ከአንጎሉ ግራና ቀኝ የሂፖካምፐሱን ትልቅ ክፍል ቆርጠው አወጡ። ከዚያ ወዲህ ልጅነቱን ያስታውሳል፤ አሁን ያነጋገረውን ሰው ግን ከደቂቃዎች በኋላ አያውቀውም። ሂፖካምፐስ እንግዲህ አዲሱን ትምህርት የሚቀበል አውድማ ነው፤ ጎተራው የአንጎል ውጫዊ ክፍል ነው። ከአውድማ ወደ ጎተራ ማጋዙ በአብዛኛው በከባድ እንቅልፍ ሰዓት ይካሄዳል፤ ቀን የተጠናው በአንጎል ውስጥ እየተደጋገመ ይሰፍራል። ሳይተኛ ያደረ ልጅ ይህ ይጓደልበታል፤ በማግስቱ አዲስ ነገር መያዝም ይከብደዋል።

በእርግጥ እንቅልፍ ያልተጠናውን አያስጠናም። ዓመቱን ሙሉ ደብተር ያልገለጠ ልጅ ቢተኛም ጎተራው ባዶ ነው።